ሃያ ደቂቃ ስንጠይቅ ሥራ አንጠይቅ



የስትሪም መምረጫ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ እየደረሰ ነው። አምና ይኸው ቅጽ እጃችን ሲገባ እኛ ሦስት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ "ፓወር" የሚለው ላይ ምልክት ልናደርግ ብዕር አንስተን ነበር። ለምን ፓወር ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን "ሥራ አለው ይባላል" የሚል ነበር። ማን አለ? የዶርም ልጆች። እነሱስ ከማን ሰሙ? ከእነሱ በፊት ከነበሩ የዶርም ልጆች። ከሦስታችን አንዳችንም በፓወር ሥራ ላይ ካለ ሰው ጋር አንድም ቀን ተቀምጠን አላወራንም።

ነገሩን ስናስበው አፈርን። መድረሳ ሳለን አዲስ ኪታብ ከመጀመራችን በፊት ያን ኪታብ የቀራ ሰው ፈልገን "ለእኛ ደረጃ ይሆናል ወይ? ከእሱ በፊት ምን እንቅራ?" ብለን እንጠይቅ ነበር። ለአንድ ኪታብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ዕድሜያችንን ልንሠራበት የምንችለውን ሙያ በወሬ ልንመርጥ ነበር። አስተማሪዎቻችንን ብንጠይቅስ? ጠይቀናል፤ ኸይር ነው። ግን ብዙዎቹ ከምርቃት በቀጥታ ወደ ማስተማር የገቡ ስለሆኑ፣ ትምህርቱን እንጂ የሥራውን ውሎ ሊነግሩን አልቻሉም።

ስለዚህ በሙያው የቆየ ሰው ፈልገን ለማነጋገር ወሰንን። መጀመሪያ ተበላሸብን፤ ቀጥሎ ተሳካልን። ከሁለቱ የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄው ስለ ሥራው ለማወቅ ከሆነ ስለ ሥራው ብቻ መሆን አለበት። ውስጡ የተደበቀ የሥራ ልመና ካለበት ሰውየው በሁለተኛው መስመር ላይ ይገባዋል፤ መልስም አይሰጥም።

ያበላሸነው መልእክት እንዲህ ነበር። ከጀመዓችን ተመርቆ የወጣ ወንድም የአንድ ትልቅ ኢንጂነር ስልክ ሰጠን። በቴሌግራም "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለን ላክንና መልስ ጠበቅን። ከሁለት ቀን በኋላ "ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ማን ልበል?" አሉን። ደስ ብሎን ይህን ጻፍን፦

"ኢንጂነር፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በሙያዎ ትልቅ ልምድ እንዳለዎት ሰምተናል። ስለ ፓወር ምሕንድስና ሰፋ ያለ ምክር ቢሰጡን፣ ለኢንተርንሽፕም ሆነ ከምርቃት በኋላ ለሥራ የሚሆን ክፍት ቦታ ካለም ቢያስቡን። ሲቪያችንን አያይዘናል።"

መልእክቱ ተነበበ። ሁለቱን ምልክት አየነው። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

መጀመሪያ ላይ ሰውየውን ነበር የወቀስነው። ስልኩን የሰጠን ወንድም መልእክቱን ሲያነብ ግን "እኔም ብሆን አልመልስላችሁም" አለን። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ቅጥር የሚፈጸመው በማስታወቂያና በፈተና ነው። አንድ ኢንጂነር፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ በቴሌግራም ለጻፈለት ተማሪ ሥራ መስጠት አይችልም። እኛ የጠየቅነው ነገር "አይሆንም" ከማለት በቀር መልስ የለውም። "አይሆንም" ማለት ደግሞ ለጨዋ ሰው ይከብዳል። የሚከብድ መልስ ይዘገያል፤ የዘገየ መልስ ይቀራል።

ሌላም ጉድለት ነበረው። "ሰፋ ያለ ምክር" መጨረሻ የለውም። ሰውየው አሥር ደቂቃ ይፍጅበት ወይስ ሦስት ሰዓት፣ ምን እንደሚባል፣ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ስልኩን ከየት እንዳገኘነውም አልነገርነውም። ሰላምታውን ለብቻው ልኮ መጠበቅም ስህተት ነበር፤ ለእኛ አደብ መስሎን ነው እንጂ፣ ለተቀባዩ "ይህ ሰው ምን ሊጠይቀኝ ይሆን?" የሚል ሸክም ነው። ሰላምታውና ጉዳዩ በአንድ መልእክት መሄድ አለባቸው።

እኚያን ሰው ዳግመኛ አላስቸገርናቸውም። ወንድማችን በሰብስቴሽን የፕሮቴክሽን ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ የቆዩ ሌላ ኢንጂነር ያውቅ ነበር። በዚህኛው ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ራሱ ደውሎ አስፈቀደልን። ከዚያ ይህን ላክን፦

"አሰላሙ ዐለይኩም ኢንጂነር። እኛ ሦስት የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ነን፤ ባለፈው ሳምንት የደወለልዎ ወንድማችን ነው ስልክዎን የሰጠን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከፓወርና ከኮንትሮል ስትሪም አንዱን መምረጥ አለብን። እርስዎ በፕሮቴክሽን ሥራ ላይ ስለቆዩ፣ የሥራው ውሎ ምን እንደሚመስል 20 ደቂቃ ልንጠይቅዎ እንፈልጋለን። ሥራም ሆነ ኢንተርንሽፕ ለመጠየቅ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡30 በኋላ፣ በአካልም በስልክም እርስዎ እንዳመችዎ። ጊዜ ከሌለዎት እንረዳለን። ጀዛከላህ ኸይር።"

በማግስቱ "ሐሙስ 10፡45፣ ቢሮ ኑ" የሚል መልስ መጣ።

ከመጀመሪያው የሚለየው በርዝመት አይደለም፤ እንዲያውም ይረዝማል። የሚለየው ሰውየው የሚፈልገው ሁሉ ውስጡ በመኖሩ ነው። ማን እንደሆንን፣ በማን በኩል እንደመጣን፣ ለምን እሳቸውን እንደመረጥን፣ ለምን አሁን እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደምንፈልግ ያውቃሉ። "በሦስት ሳምንት ውስጥ መምረጥ አለብን" የሚለው መስመር ከሁሉም በላይ ጠቅሟል ብለን እናስባለን፤ ምክራቸው ከንቱ እንደማይቀርና በቅርቡ ሥራ ላይ እንደሚውል ይነግራቸዋል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ በቀላሉ "አልችልም" እንዲሉ በር ይከፍታል። በሩ የተከፈተለት ሰው እሺ ማለት ይቀለዋል።

ስለ ሰዓቱም እንናገር። 10፡30 ያልነው ዐስርን ሰግደን እንድንደርስ፣ እሳቸውም ከሥራ ሳይወጡ እንድናገኛቸው ነው። ዓርብን ከነአካቴው አላነሳንም። "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ማለቱም ትርፍ ቃል አይደለም፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚሠራ ሰው "10፡30" ሲባል ጠዋት ሊመስለው ይችላል። ሰውየው በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ደግሞ በእሱ አገር ሰዓት መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው።

መልስ ባይመጣስ? ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ በሁለት መስመር ማስታወስ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት መልስ ነው፤ ሌላ ሰው እንፈልግ። ሳያስፈቅዱ መደወል፣ የድምፅ መልእክት መላክ፣ በሌላ ሰው በኩል መወትወት በራችንን ብቻ ሳይሆን ከእኛ በኋላ የሚመጣውንም ተማሪ በር ይዘጋል።

ሐሙስ ደረሰ። በዋዜማው ስምንት ጥያቄ ጽፈን ነበር። ቁጭ ብለን ስናጣራው ሦስቱ ከደብተራችን የሚገኙ ሆኑ። "ፕሮቴክሽን ምንድን ነው?" ብሎ ትልቅ ሰው መጠየቅ የሃያ ደቂቃውን አምስት ማባከን ነው። "ሥራው እንዴት ነው?" የሚለውም ወደቀ፤ መልሱ "አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው" ብቻ ነውና። አራት ጥያቄ ቀረን። ባለፈው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ሠሩ? አዲስ ተመራቂ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያቅተው ምንድን ነው? ከዚህ ሥራ የለቀቁ ሰዎች ለምን ለቀቁ? በቀረን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠንቅቀን ብናውቅ ምን ይሁን?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዓይናችንን ገለጠው። ፕሮቴክሽን ማለት ለእኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሪሌይ ሴቲንግ ማስላት ነበር። ኢንጂነሩ ግን ያሳለፉትን ሳምንት ሲቆጥሩልን፣ ስሌት ላይ የዋሉት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሁለት ቀን መንገድ ላይና ሰብስቴሽን ውስጥ ሪሌይ ሲፈትሹ ዋሉ። አንድ ሌሊት መስመር ወድቆ ተጠርተው ሄዱ። የቀረውን ጊዜ ሪሌዩ የመዘገበውን የብልሽት ሞገድ እያነበቡ "ሪሌዩ የቆረጠው በትክክል ነው ወይስ ያለ ምክንያት?" የሚለውን ሲመረምሩ አሳለፉት። "ሌሊት ስልክ ሲጠራ የሚከፋው ሰው ይህን ሥራ አይምረጥ" አሉን። ከሦስታችን አንዱ ወንድም ፊቱ ሲለወጥ አየነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ቁስላችንን ነካው። አዲስ ተመራቂ የሚያቅተው የሲሜትሪካል ኮምፖነንት ስሌት ነው አሉ። እኛ ያን ምዕራፍ ለፈተና በቃላችን አጥንተን፣ ከፈተና በኋላ የረሳነው ነው። በመስመር ላይ አብዛኛው ብልሽት አንድ ሽቦ ከምድር ጋር ሲነካካ የሚመጣ ነው። ሦስቱ ፌዝ እኩል የማይሆኑበትን ይህን ሁኔታ ያለዚያ ስሌት መረዳት ይከብዳል። ስለዚህ አራተኛው ጥያቄያችንም በዚያው ተመለሰ፤ ሶፍትዌር ከመማራችን በፊት ያን ምዕራፍ ተመልሰን በእጃችን እንድንሠራው ነገሩን።

ከጽሑፋችን ውጭ የነበረውን ጥያቄ ያመጣችው እህታችን ናት። "ሒጃብ ለብሼ ሰብስቴሽን ውስጥ መሥራት እችላለሁ?" አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን "ችግር የለም" ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን የጨርቁን ነገር ጠየቋት። ስዊችጊር አጠገብ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጠር እንደ ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሸሚዝ ይሁን ሒጃብ፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ለዚያ ቦታ አይሆንም። ጥጥ አይቀልጥም፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን እሳት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ የሥራ ልብስ ነው። ጫፉ ወደ አንገትጌው ገብቶ፣ ሔልሜቱ በላዩ በትክክል የሚቀመጥ መሆን አለበት። ይህን ከየትኛው የኮርስ መጽሐፍ እናገኘው ነበር? እህታችን ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ይዛው ቆይታ፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ "ኢንጂነር፣ ሃያው ሊሞላ ነው" አልናቸው። እሳቸው "ቆዩ" ብለው አሥር ደቂቃ ጨመሩልን። እነሱ ሲጨምሩ ደስ ይላል፤ እኛ ስንጨምር ግን ቃል ማፍረስ ነው። ከመውጣታችን በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቅን፦ "ስለ ኮንትሮል ደግሞ ማንን ብንጠይቅ ይሻላል?" አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ጓደኛቸውን ጠቆሙን፤ ራሳቸው ደወሉላቸው።

እዚህ ላይ ለጀመዓችን የምንለው አለ። ሁለተኛው ሰው ሙስሊም አልነበሩም። መልእክታችንን "ጤና ይስጥልኝ" ብለን ጀመርን፤ የቀረው እንዳለ ነበር። እሳቸውም በስልክ ከሃያ ደቂቃ በላይ አወሩን። ከጀመዓ የወጡ ወንድሞችና እህቶች የመጀመሪያው በር ይሁኑልን፤ ሙያውን ለማወቅ ግን ሙያው ያለበት ሰው ሁሉ ዘንድ መሄድ አለብን። እህቶቻችንም በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳይሉ፣ በስልክ ማነጋገር፣ ወይም እንደ እኛ ሁለት ሦስት ሆኖ በሥራ ሰዓት ቢሮ መሄድ ይቻላል። ስንት ሆነን እንደምንመጣ ግን በመጀመሪያው መልእክት ላይ መናገር አለብን፤ አንድ ሰው የጠበቀ ኢንጂነር ሦስት ሰው በር ላይ ሲያይ ደስ አይለውም።

ሁለት ሰው ማነጋገራችን በሌላም ምክንያት ጠቅሞናል። አንድ ሰው የሚነግረን የራሱን ሥራ ነው። የፕሮቴክሽኑ ኢንጂነር ኮንትሮልን "የቢሮ ሥራ ነው" ብለውን ነበር። የፋብሪካው ሰው ሲሰሙ ሳቁ፤ ማሽን ሲቆም እሳቸውም ሌሊት ይጠራሉ፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን አቧራ የሸፈነው ሴንሰር ላይ ነው። ስለዚህ የሰማነውን ሁሉ ለሁለት ከፍለን ጻፍነው፦ ሰውየው ራሱ የሠራው፣ እና ስለ ሌላው ያለው ግምት። የመጀመሪያውን ይዘን፣ ሁለተኛውን ለሌላ ሰው ጥያቄ አደረግነው። ሁሉንም የሚያወድስ ወይም ሁሉንም የሚያማርር ሰው ካጋጠመን ደግሞ "ባለፈው ሳምንት ምን ሠሩ?" ወደሚለው መመለስ ይረዳል፤ ስለ አንድ የተወሰነ ሳምንት ሲናገሩ ማጋነን ያስቸግራል።

አንዳንድ ወንድሞች "ይህ ሁሉ ምን ይሠራል? እዚህ አገር ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው" ይሉናል። ይህን ጥያቄ አናቃልለውም። እውነቱን እንናገር፤ ይህ ውይይት ለሦስታችንም ሥራ አላስገኘልንም፤ ኢንተርንሽፕ የገባነውም እንደ ሌላው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው። ሥራ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ አይቶ ያመልክት፣ ሲቪውንም በግልጽ ይላክ፤ ነውር የለበትም። ነውሩ አንዱን በሌላው ስም መጠየቅ ነው። ሃያ ደቂቃው የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደምንመርጥ አውቀን መምረጥ። ኢንጂነሩ በመካከል "ሲቪያችሁን ላኩልኝ" ቢሉ እንልክ ነበር፤ ያ የእሳቸው ምርጫ ነው። እኛ ግን ይዘን አልሄድንም።

ከውይይቱ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ነው፤ ግን ብዙዎቻችን የምንተወው እሱን ነው። በዚያው ምሽት ምስጋና ላክን። "ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን" አላልንም፤ "ስለ ሌሊት ጥሪውና ስለ ሲሜትሪካል ኮምፖነንት የነገሩን በጣም ጠቀመን" ብለን የያዝነውን ነገር ጠቀስን። ስልክ የሰጠንንም ወንድም አመሰገንን፤ በስሙ ነው የገባነው። ቅጹን ከሞላን በኋላ ደግሞ ምን እንደመረጥን ለሁለቱም ነገርናቸው። የመከረ ሰው ምክሩ የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል።

ውጤቱስ? እህታችንና አንዱ ወንድም ፓወርን መረጡ፤ አሁን ግን "ሥራ አለው ይባላል" ብለው አይደለም። ፊቱ የተለወጠው ወንድም ወደ ኮንትሮል ሄደ። እዚያም ሌሊት እንደሚጠራ ሰምቷል፤ ግን ከሁለቱ ውሎ የትኛውን እንደሚወድ ስላወቀ ነው የመረጠው። ብዕር ካነሳንበት ቀን አንስቶ እስከዚህ ድረስ የፈጀው ጥቂት መልእክት፣ አንድ የታክሲ ጉዞና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ወሬ ነው።

የዘንድሮው ቅጽ ከመመለሱ በፊት ገና ጊዜ አለ። ከጀመዓችን ተመርቀው በሥራ ላይ ያሉትን ወንድሞችና እህቶች ዝርዝር የጀመዓው አሚሮች ቢያዘጋጁልን፣ ስልካቸው በቀጥታ ለተማሪ ሳይሰጥ መጀመሪያ እነሱ እየተፈቀዱ ቢያገናኙን፣ ከእኛ በኋላ ያሉት እኛ የጻፍነውን የመጀመሪያውን መልእክት ከመጻፍ ይድናሉ። እኛም ኢንሻአላህ ነገ እዚያ ወንበር ላይ ስንቀመጥ፣ ሃያ ደቂቃ ለሚጠይቀን ደረሳ "ቆዩ" የምንል ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።